ለዐሥር ደቂቃ ፊልም ሦስት ክፍል ይበዛል

በፊልም ክበባችን ካነበብኳቸው ድርሰቶች አንዱ ዐሥር ገጽ ነበር። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነውና ልኩ ደኅና ነው። ታሪኩ ማታቱ ውስጥ የመሳፈሪያ ገንዘቧ ስለጠፋባት ልጅ ነው፤ ገንዘቡ የሚጠፋው ግን አራተኛው ገጽ ላይ ነው! ከዚያ በፊት ቁርስ፣ እናት፣ ታናሽ ወንድም።

ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ ባለ ሦስት ክፍሉን አወቃቀር አክብሮ ነው። ሲድ ፊልድ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፉ ያስፋፋው ይህ ቅርጽ ግን የተለካው ለ120 ገጽ ነው፦ 30 ለመግቢያ፣ 60 ለግጭት፣ 30 ለመፍቻ። ወደ ዐሥር ገጽ ሲወርድ መግቢያው ብቻ ሁለት ገጽ ተኩል ይበላል።

ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ በ1970 የሠራትን የመጀመሪያ ፊልሙን ተመልከቱ። ርዝመቷ ዐሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ዳቦ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ውሻ መንገዱን ይዘጋበታል። ስለ ቤተሰቡ የሚነገረን ነገር የለም። በመጨረሻ ቁራሽ ጥሎለት ያልፋል፤ ውሻው ተከትሎት ደጁ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ሌላ ልጅ ይመጣል። አንድ እንቅፋት፣ ከዚያ ክቡ እንደገና ይጀምራል።

ሰው ሐሳቡን የሚለውጥበት ታሪክ ከሆነ ሦስቱ ክፍል ይጠቅማል፤ ለውጡ እንዲታይ ፊተኛው ሰው መታወቅ አለበትና። የኛዋ ልጅ ግን አትለወጥም፣ ትጨነቃለች እንጂ። ስለዚህ ሦስቱን ገጽ ሰረዝን። አሁን ፊልሙ የሚከፈተው በተዘረጋው የረዳቱ እጅ ነው፤ እናትየዋም በስልክ ድምፅ ብቻ ትሰማለች። ታናሽ ወንድሙ በመቅረቱ ተማሪው አሁንም አኩርፎኛል።