ክለሳው ከስሕተቱ ይጀምር፦ ለቶፍል አይቲፒ የሰዋስው ክፍል ዝግጅት

የቶፍል አይቲፒ ፈተና ደረጃ 1 ሁለተኛው ክፍል የእንግሊዝኛ ሰዋስውን ይለካል። 40 ጥያቄዎች በ25 ደቂቃ ይሠሩበታል። 15ቱ የጎደለውን የዓረፍተ ነገር ክፍል ያስሞላሉ፤ በ25ቱ ደግሞ ከተሰመረባቸው አራት ቃላት ወይም ሐረጎች መካከል ስሕተቱን መለየት ይገባል። የተለመደው ዝግጅት የሰዋስው መጽሐፍን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው መከለስ ነው። በእኔ እምነት ግን ክለሳው መታቀድ ያለበት በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ሳይሆን በተፈታኙ የስሕተት ዓይነትና መንስኤ ነው።

መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው። ተፈታኙ ወይ ደንቡን አያውቀውም፣ ወይም እያወቀው በረዥም ዓረፍተ ነገር ውስጥ አላየውም። ሁለቱን ለመለየት የተሳተውን ዓረፍተ ነገር አሳጥሮ እንደገና መጠየቅ በቂ ነው። በአጭሩ ሲቀርብ ወዲያው የሚታረም ከሆነ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን አነባበብ ነው፤ ደንቡን ደግሞ ማንበብም ብዙ አይጠቅመውም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ልዩነት በባለቤትና በግስ ስምምነት ላይ ጎልቶ ይታያል። «ዘ ኳሊቲ ኦቭ ዘ ሶይልስ ፋውንድ ኢን ዚዝ ቫሊስ ዲፔንድ ኦን ሬይንፎል» የሚለውን እንመልከት። ባለቤቱ ነጠላው «ኳሊቲ» ስለሆነ ግሱ «ዲፔንድስ» መሆን ነበረበት። በአማርኛ «በእነዚህ ሸለቆዎች የሚገኘው አፈር ጥራት በዝናብ ይወሰናል» እንላለን። ገላጩ ሁሉ ቀድሞ «ጥራት» በመጨረሻ ስለሚመጣ ባለቤቱ ከማሰሪያ አንቀጹ ብዙም አይርቅም። በእንግሊዝኛው ግን ገላጩ ከባለቤቱ በኋላ ገብቶ ሁለቱን ያራርቃቸዋል፤ ከግሱ አጠገብ የሚገኘውም ብዙ ቁጥር የሆነው «ቫሊስ» ነው። በተጨማሪም «የሚገኘው» ማሰሪያ አለመሆኑን «የሚ» ይነግረናል፤ «ፋውንድ» ግን እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ዋናው ግስ መስሎ ያሳስታል።

ሌሎቹ ሁለት የስሕተት ዓይነቶች ከራሱ ከአማርኛ ሕግ ይመነጫሉ። በአማርኛ «ሦስት መጽሐፍ» ማለት ነውር የለውም፤ ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙ ነጠላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ዋን ኦቭ ዘ ሞስት ኢምፖርታንት ክሮፕ» ሲባል «ክሮፕስ» መባል እንደነበረበት ጆሮ ላያስጠነቅቅ ይችላል። እንዲሁም «ያነበብኩት መጽሐፍ» ስንል በግሱ መጨረሻ ያለው «ት» መጽሐፉን ያመለክታል፤ ይህ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ዘ ቡክ ዛት አይ ሬድ ኢት» የሚል ትርፍ ተውላጠ ስም ያለበት ሐረግ ይወልዳል።

ዕቅዱን በምሳሌ እንየው። አንዲት ተፈታኝ በልምምድ ፈተና ከ40 ጥያቄዎች 16 ሳተች እንበል፦ 7 በስምምነት፣ 4 በስም ቁጥር፣ 2 በትርፍ ተውላጠ ስም፣ 3 በመስተዋድድ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጥረው ሲቀርቡላት ከ7ቱ የስምምነት ጥያቄዎች 6ቱን፣ ከ4ቱ የቁጥር ጥያቄዎች ግን 1ዱን ብቻ አረመች። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የስምምነት ደንብ ማንበብ አያስፈልጋትም። በየቀኑ ከ15 ረዣዥም ዓረፍተ ነገሮች ባለቤቱንና ማሰሪያ ግሱን አስምራ፣ በመካከላቸው ያለውን በእርሳስ ትሰርዝ። ሁለተኛው ሳምንት ደንብ የሚጠናበት ነው፦ ከ«ዋን ኦቭ ዘ» በኋላ ብዙ ቁጥር፣ ከ«ኢች» በኋላ ነጠላ ስም እንደሚመጣ፣ «ኢንፎርሜሽን» ብዙ ቁጥር እንደሌለው። ትርፉን ተውላጠ ስም መሰረዝም በዚሁ ሳምንት ይለመዳል። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሙሉ ክፍል በ25 ደቂቃ ሠርታ ስሕተቶቿን እንደገና ትመድብ። መታየት ያለበት ጠቅላላ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ዓይነት ስሕተት ብዛት ነው፤ የስምምነቱ 7 ወደ 2 ወርዶ የቁጥሩ 4 እንዳለ ከቆየ ቀጣዩ ሥራ የት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሦስቱ የመስተዋድድ ስሕተቶች በዕቅዱ ውስጥ ያልገቡት በቸልታ አይደለም። «ዲፔንድ» ከ«ኦን» ጋር የሚሄደው በልማድ እንጂ በሌሎች ግሶች ላይ በሚሠራ ደንብ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጥምረት በረዥም ጊዜ ንባብ ይለመዳል እንጂ በሦስት ሳምንት አይጠራም። በፈተናው የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ጊዜ ሳያባክኑ የመሰላቸውን መርጦ ማለፍ ይሻላል። በአማካይ ለአንድ ጥያቄ ከ38 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው ያለው፤ ከዚህ የሚተርፈው ማሰሪያውን ፈልጎ ለማግኘት ቢውል የበለጠ ነጥብ ያስገኛል።