ትልቅ ፋብሪካ ሲሚንቶን በርካሽ የሚያመርተው መቼ ነው?

በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም እንዳለው ሲነገር፣ ቤት ለመሥራት የጀመረ የገጠርም ሆነ የከተማ ነዋሪ ያነሳው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ የሲሚንቶ ዋጋ ይወርድ ይሆን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ትልቅ ፋብሪካ አንዱን ኩንታል ከትንሹ ባነሰ ወጪ የሚያመርትበትን ምክንያት መመልከት ያስፈልጋል።

የሲሚንቶ ሥራ እምብርት ምድጃው ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ክሊንከር የሚባል ጠጣር ነገር ይሆናል፤ ይህም ከጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይወጣዋል። ምድጃው ረጅም የብረት ቱቦ ነው። ርዝመቱ ሳይለወጥ የአፉ ስፋት በእጥፍ ቢያድግ፣ ዙሪያውን ለመሸፈን የሚያስፈልገው ብረት በእጥፍ ብቻ ይጨምራል፤ ውስጡ የሚይዘው ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ሙቀት የሚያመልጠውም በዚሁ ዙሪያ በኩል ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል የሚባክነው ሙቀት ያንሳል። ለሠርግ በአንድ ትልቅ ድስት የሚሠራ ወጥ፣ በአሥር ትንንሽ ድስት ከሚሠራው ያነሰ ማገዶ የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። ዘመናዊ ምድጃ ከጎኑ ከፍተኛ ማማ ይቆምለታል። ከምድጃው የሚወጣው ትኩስ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ታች የሚወርደውን ጥሬ ዱቄት ያሞቀዋል፤ በከንቱ ይጠፋ የነበረው ሙቀትም ሥራ ላይ ይውላል። ማማው ግን ውድ በመሆኑ ወጪውን የሚመልሰው ብዙ ሲመረት ነው። ይህ የሌላቸው አነስተኛ የቁም ምድጃዎች ለአንድ ኩንታል የበለጠ ነዳጅ ይፈጃሉ፤ ቃጠሎውም ወጥ ስለማይሆን የሲሚንቶው ጥራት ይለያያል። የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኞች ቁጥርም ምርቱ እጥፍ ስለሆነ ብቻ እጥፍ አይሆንም።

መሐንዲሶች በግምት እንደሚያሰሉት፣ የፋብሪካ አቅም በእጥፍ ሲያድግ የግንባታው ወጪ የሚጨምረው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው። ነገሩን በምሳሌ እንየው፤ አኃዞቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የየትኛውም ፋብሪካ ሒሳብ አይደሉም። በቀን 10 ሺህ ኩንታል የሚያመርት ፋብሪካ፣ ቢያመርትም ባያመርትም የማይቀርለት የብድር ክፍያ፣ የደመወዝና የጥገና ወጪ በቀን 2 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ለአንድ ኩንታል 200 ብር ይደርሳል። ስምንት እጥፍ የሚያመርተው፣ ማለትም የ80 ሺህ ኩንታሉ፣ ቋሚ ወጪ በዚያው ግምት 7 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል፤ ለኩንታል 87 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ መቆራረጥ፣ በነዳጅ ወይም በመለዋወጫ እጦት 32 ሺህ ኩንታል ብቻ ቢያመርት፣ ያው 7 ሚሊዮን ብር ለጥቂት ኩንታሎች ይከፋፈላል። የአንዱ ድርሻ ወደ 219 ብር ይወጣል፤ ሙሉ አቅሙን ከሚጠቀመው ትንሽ ፋብሪካ በልጦ አረፈው! በዚያ ላይ ምድጃው በድንገት ሲቆም የውስጡን ግድግዳ የሚጠብቁት እሳት ተከላካይ ጡቦች በመቀዝቀዝ ይሰነጠቃሉ፤ እንደገና ማሞቁም ምርት ሳይገኝ ነዳጅ ይበላል። አሥር ትንንሽ ምድጃ ቢሆኑ አንዱ ሲበላሽ ዘጠኙ ይሠራሉ፤ አንዱ ትልቅ ሲቆም ግን ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ በምረቃ ቀን ከሚነገረው አቅም ይልቅ በየወሩ ከበሩ የሚወጣው መጠን የበለጠ ይነግረናል።

ሲሚንቶ ደግሞ ከባድና ከክብደቱ አንጻር ርካሽ ዕቃ ነው፤ በጭነት መኪና ርቆ ሲሄድ ትርፉን መንገዱ ይበላዋል። በምሳሌያችን ትልቁ ፋብሪካ በኩንታል ያገኘው ብልጫ 112 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። መተማ ያለ ገዢ ከሩቁ ትልቅ ፋብሪካ ለማስጫን የሚከፍለው፣ በአቅራቢያው ካለ ትንሽ ፋብሪካ ከሚያስጭንበት በዚህ መጠን ከበለጠ፣ ብልጫው ለእርሱ የለም ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላለው ግን ሊኖር ይችላል።

የማምረቻ ወጪ መውረድና የመሸጫ ዋጋ መውረድም አንድ አይደሉም። ፈላጊው ከአቅርቦቱ በሚበልጥበት ወቅት አምራቹ ያተረፈውን ለገዢው የሚያካፍልበት ምክንያት የለውም፤ በመካከል ያለው አከፋፋይም እንዲሁ። የወጪው ቅናሽ ወደ ገዢው የሚደርሰው ሌላ ፋብሪካም ያንኑ ገበያ ሲሻማና መጋዘኑ የተከማቸበት አምራች ገዢ ፍለጋ ሲወጣ ነው።