ገበያው አማርኛ ያስለምዳል፣ ክፍሉ እንግሊዝኛ ያስተረጉማል

ከቤንች ወይም ከሸካ ገጠር ቡና ይዞ ሚዛን ወይም ቴፒ ገበያ የሚወርድ ልጅ አማርኛን የሚለምደው በሰዋስው አይደለም። ገዢው ጀንፈሉን ዘግኖ «ይሄ አልደረቀም» ሲለው፣ ቃሉን ባያውቀውም የሰውዬው ፊትና እርጥቡ ቡና ትርጉሙን ይነግሩታል። ደጋግሞ ሲሰማው ቃሉ የራሱ ይሆናል።

ይኸው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እንግሊዝኛ የሚቀርብለት በሌላ መንገድ ነው። መምህሩ ምንባቡን አንብቦ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ «ፓሲቭ ቮይስ» ብሎ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጁም ይገለብጣል። ችግሩ ግን አፉን በቤንችኛ ለፈታ ልጅ አማርኛም ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑ ነው። አማርኛው ካልጠራለት ትርጉሙ ራሱ ሌላ ትርጉም ይፈልጋል።

አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ስቲቨን ክራሸን የሚሉት ገበያው የሚያደርገውን ነው፦ ሰው ቋንቋ የሚለምደው መልእክቱ ሲገባው፣ ንግግሩም ከሚያውቀው ጥቂት ብቻ ከፍ ሲል ነው።

ታዲያ መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። መጽሐፉ «ከጓደኛችሁ ጋር ተወያዩ» ቢልም ምንባቡ ካልገባ ውይይቱ በአማርኛ ይሆናል፣ መምህሩም ወደ ትርጉም ይመለሳል። ይህን መለየት ከባድ አይደለም። ከምንባቡ 100 ቃላት ተወስደው ተማሪዎቹ የማያውቋቸውን ያስምሩ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ያለ እርዳታ አንብቦ ለመረዳት ከመቶው 98 ያህሉ መታወቅ አለባቸው። የተሰመረባቸው 15 ከሆኑ ጥፋቱ የተማሪው ስንፍና ሳይሆን የምንባቡ ክብደት ነው።

መፍትሔው በደጅ ነው። መምህሩ እሸት ቡናና ጀንፈል ይዞ ይግባ። እሸቱን ከፍ አድርጎ «ዲስ ኮፊ ኢዝ ሬድ»፣ ጀንፈሉን አንስቶ «ዲስ ኮፊ ኢዝ ድራይ» ይበል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በእጃቸው ያመልክቱ፤ ቀጥሎ «የስ» ወይም «ኖ» ይበሉ፤ ከዚያ «ሬድ ኦር ድራይ?» ሲባሉ ይምረጡ። በመጨረሻ ቤታቸው ቡና እንዴት እንደሚደርቅ ለጓደኛቸው ይንገሩ። ጓደኛው የማያውቀውን ነገር ሲሰማ ነው ውይይቱ እውነተኛ የሚሆነው።

መስማት ብቻ ግን አይበቃም። በካናዳ ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ ለዓመታት የተከታተሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች በደንብ ቢረዱም ሲናገሩና ሲጽፉ የሰዋስው ስህተታቸው አልጠፋም ነበር። ሜሪል ስዌይን ከዚህ ተነስተው ተማሪው ራሱ መናገርና መጻፍ አለበት አሉ። ስለዚህ ሰዋስው ይቅር አይባልም፤ ቦታው ይቀየር እንጂ። ልጁ የገባውን ወሬ ካወራ በኋላ «ዘ ኮፊ ኢዝ ድራይድ» የሚለውን አምስት ደቂቃ ማብራራት ይጠቅመዋል።

ይሁን እንጂ ብሔራዊ ፈተናው መልስ መምረጥ ሆኖ ሳለ መምህሩን «አናግራቸው» ማለት ከንቱ ምክር ነው። የማይፈተን ነገር ክፍል ውስጥ ጊዜ አያገኝም። ለውጡ ከልብ ከሆነ፣ በየትምህርት ቤቱ ከሚያዘው ውጤት ላይ ለመናገርና ለመስማት ነጥብ በመስጠት ይጀመር።