ሌባው ያየውን ፊልም ከፋዩ ተከለከለ

አንድ አባወራ አጠራቅሞ አዲስ 4ኬ ቴሌቪዥንና በኢንተርኔት ፊልም የሚያጫውት ሳጥን ገዛ። ሳጥኑን ቤት ከቆየው ሆም ቴአተር ጋር፣ ሆም ቴአተሩን ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኘ። የሳጥኑ ማውጫ ጥርት ብሎ ወጣ። የከፈለበትን ፊልም ሲጫን ግን ስክሪኑ ጠቆረ። ሻጩ ሌላ ገመድ ሸጠለት፤ ለውጥ የለም።

ገመዱ ምን በወጣው! ጥፋቱ ኤችዲሲፒ የሚባለው የቅጂ መከላከያ ቁልፍ ነው። ሳጥኑ ፊልሙን ከመልቀቁ በፊት በመስመሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ "ፈቃድ አለህ?" ብሎ ይጠይቃል። ለ4ኬ ፊልም በአብዛኛው የሚጠየቀው የቁልፉ 2.2 እትም ነው። አሮጌው ሆም ቴአተር የሚያውቀው 1.4ን ብቻ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ያለው አንድ ዕቃ መመለስ ሲያቅተው ፊልሙ ይታገዳል፤ ማውጫው ጥበቃ ስለሌለበት ያልፋል።

የሚያበራ የሚያጠፋ ምስልም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። አሮጌው እትም አንዴ ፈቅዶ ዝም አይልም፤ በየ128 ምስሉ፣ ማለትም በየሁለት ሰከንዱ ገደማ፣ እንደገና ያረጋግጣል። አንዱ መልስ ከተዛባ ድርድሩ ከሀ ይጀምራል፤ ስክሪኑም ጠፍቶ ይመለሳል።

"ፊልም ሠሪ የላቡን ማግኘት አለበት" የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ግን ቁልፉ ማንን አስቆመ? የአሮጌው እትም ዋና ቁልፍ በ2010 ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ቴክኖሎጂውን የሠራው ኢንቴልም ትክክለኛ መሆኑን አመነ። 2.2 በሌላ መንገድ የተሠራ ስለሆነ በዚያ ቁልፍ አይከፈትም። ቢሆንም የተሰረቀ ፊልም በፍላሽ የሚያይ ሰው ፋይሉ ቁልፍ ስለሌለው አሮጌ ሆም ቴአተሩ አያግደውም። የሚፈተሸው የከፈለው ብቻ ነው።

እንግዲህ ገመድ ከመግዛት በፊት አንድ ሙከራ ይበቃል። በስልክ የተቀረጸ የቤተሰብ ቪዲዮ በዚያው ሳጥን ይከፈት። እሱ እየታየ የተከፈለበት ፊልም ከጠቆረ ጥፋቱ የቁልፉ ነው። ማውጫውም ቪዲዮውም አብረው ከተቆራረጡ ግን ገመዱ ወይም መሰኪያው ይጠርጠር። የቁልፉ ከሆነ ሳጥኑ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ 2.2ን በሚቀበለው መሰኪያ ይሰካ፤ ድምፁ ብቻ ከቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል ገመድ ወደ ሆም ቴአተሩ ይመለስ። ይህ ካልተመቸ የሳጥኑን ጥራት ከ4ኬ ወደ 1080 ማውረድ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል፤ ያ ማለት ግን የተከፈለበትን ጥራት መተው ነው።

አምራቾች ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ካርቶኑ ላይ "4ኬ" የሚለው በትልቁ ይጻፋል፤ የትኛው መሰኪያ የትኛውን እትም እንደሚቀበል ግን መመሪያው ውስጥ ተደብቋል፣ ወይም ጭራሽ የለም። ቁልፉን ያስገደደ አካል ቁልፉን በግልጽ የመጻፍ ግዴታም አለበት። ሻጭም ገመድ ከመሸጡ በፊት "መሃል ላይ ምን ዕቃ አለ?" ብሎ ይጠይቅ።