ዕድሜና ጤና ለየብቻ ይቆጠራሉ



ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁን «ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣችሁ» ይላሉ። ሁለቱን ለይተው መጥራታቸው ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 ባወጣው ግምት፣ እስራኤል ውስጥ የሚወለድ ልጅ በአማካይ ወደ 82 ዓመት ተኩል ይኖራል፤ በጤና የሚኖረው ግን ወደ 72 ዓመት ነው። ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግምት ወደ 69 እና 60 ነበር። እዚህ ዕድሜው በጣም ይረዝማል፤ የሕመሙ ዘመን ግን አላጠረም።

ይህ ማለት ሰው 72 ዓመት ሲሞላው ይታመማል ማለት አይደለም። ባለሙያዎቹ ሕመሙ እንደከበደው መጠን ከየዓመቱ ላይ ይቀንሳሉ። በደንብ የተያዘ ስኳር ከዓመቱ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ዓይን ሲጠፋ ወይም ኩላሊት ሲደክም ግን ብዙ ይወስዳል።

ለምሳሌ ሁለት እናቶችን እናስብ። ሁለቱም በ55 ዓመታቸው ስኳር ተገኘባቸው፣ ሁለቱም 82 ዓመት ኖሩ። የመጀመሪያዋ ስኳሯን ተከታትላ ያዘችው። የሁለተኛዋ ግን ሳይያዝ ቆይቶ እግሯ ደነዘዘ፤ ጫማ ያቆሰላት ሳይታወቃት ቁስሉ ከፋና በ65 ዓመቷ እግሯ ተቆረጠ። 17 ዓመት እንዲያ ኖረች። ሁለቱም «82 ዓመት ኖሩ» ይባላል። ልዩነቱ የሚታየው አፉላ ታሃና መርካዚት ላይ ነው፦ አንዷ ብቻዋን ኦቶቡስ ተሳፍራ ሃኤሜክ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ ሌላዋ ልጇ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ እስኪያደርሳት ትጠብቃለች።

ስኳርን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ ከመጡት መካከል ስኳር ያለበት ጥቂት ሰው ነበር። ዓመታት ሲያልፉ፣ ለስላሳውና ነጩ ዳቦ ሲበዛ፣ በእግር መሄድ ሲቀር፣ በሽታው በረከተ። በእኛ ላይ ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ባነሰ ዕድሜና በቀጭን ሰውነት ላይ ይታያል። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይዘኝም» የሚለው ነገር አያዋጣም። «አላመመኝም» የሚለውም እንደዚያው፤ ስኳር መጀመሪያ ላይ አያምም፣ የደነዘዘ እግርም አያምም።

በእኛ አስተያየት ኩፓት ሆሊም ሄዶ መድኃኒት ተቀብሎ መመለስ አይበቃም። ስኳር ያለበት ሰው የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ በየጊዜው ይጠይቅ። በዓመት አንዴ ደግሞ ሽንት ላይ ፕሮቲን መኖሩ ይታይለት፣ የዓይኑ ውስጠኛ ክፍል ይመርመር፣ እግሩም ይታይ። ዕድሜ መታወቂያ ላይ አይታመን፤ የብዙ ወላጆቻችን የልደት ቀን ስንመጣ በግምት የተጻፈ ነው።

እግር ላይ ብዙዎቻችሁ ታፍራላችሁ፣ እናውቃለን። ግን ነርሷ ባትጠይቅም ጫማና ካልሲ አውልቁላት።