በግንባታ ቦታ የሚደርስ ጉዳትን ለመድን ሰጪ ስለማሳወቅ ከሕንፃ ሥራ ተቋራጮች ማኅበር የተሰጠ የአቋም መግለጫ

የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ከአባላት የቀረቡለትን አቤቱታዎች መርምሮ በጉዳዩ ላይ ከተወያየ በኋላ ይህን መግለጫ አውጥቷል። መግለጫው «ኦል ሪስክ» እየተባለ በሚጠራው የሥራ ተቋራጮች የመድን ውል ውስጥ አንድ ነጥብ ብቻ ይመለከታል፤ ይኸውም ጉዳት ሲደርስ ለመድን ሰጪው የሚሰጠው ማስታወቂያ ነው።

አቤቱታ ያቀረቡት አባሎቻችን የፈረሙት ውል የሙኒክ ሬን መደበኛ ጽሑፍ የተከተለ ነው። ጽሑፉ መድን ገቢው ጉዳቱን ወዲያውኑ በስልክም በጽሑፍም እንዲያሳውቅ፣ ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን ሁሉ እንዲያደርግና የተጎዳውን ክፍል ለምርመራ እንዲያቆይ ያዛል። ጉዳቱ ከደረሰ በ14 ቀናት ውስጥ ማስታወቂያ ያልደረሰው መድን ሰጪም ኃላፊነት እንደሌለበት ይደነግጋል። ማኅበራችን እነዚህን ግዴታዎች ይቀበላል። ገማች ሳያየው ለተጠገነ ሥራ ካሳ መጠየቅ አስቸጋሪ መሆኑንም እናውቃለን። ቅሬታችን በአፈጻጸሙ ላይ ነው።

ከቀረቡልን ጉዳዮች አንዱን እንጥቀስ። በክረምት ሌሊት የቤዝመንት ቁፋሮ ጎን ተንዶ ለግድግዳ የታሰረውን ፌሮና የውኃ መሳቢያውን ፓምፕ ቀበረ። ፎርማኑ ጠዋት 2፡30 ላይ ለመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ደወለ፤ የተሰጠው መልስ «በደብዳቤ አምጡ» የሚል ነበር። ስሙንም ሆነ የደወለበትን ሰዓት የመዘገበ አልነበረም። በአራተኛው ቀን የጎረቤት አጥር መሰንጠቅ ሲጀምር ተቋራጩ ናዳውን በከፊል አንስቶ ጎኑን በእንጨት ደገፈ። ደብዳቤው የገባው በ17ኛው ቀን ነው። ጥያቄው በሁለት ምክንያት ውድቅ ተደረገ፤ ጊዜው አልፏል፣ የጉዳቱ ቦታም ተነካክቷል ተባለ።

ደብዳቤው ለምን ዘገየ? ይህን መሸፋፈን አንፈልግም። የአባላችን ቢሮ በሁለተኛው ቀን ለአማካሪ መሐንዲሱ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የፌሮው ክብደትና የጉዳቱ ዋጋ እስኪጣራ ጠበቀ። በ1999ኙ የፊዲክ ውል ተቋራጩ ለመሐንዲሱ የካሳ ጥያቄ ማስታወቂያ የሚሰጥበት ጊዜ 28 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ሁኔታውን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። የመድን ውሉ ግን 14 ቀን ይላል፤ ቆጠራውም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ይጀምራል። ብዙ አባሎቻችን ሁለቱን ያምታታሉ። ለአማካሪው የተጻፈ ደብዳቤ ለመድን ሰጪው እንደደረሰ አይቆጠርም። ውሉ በማስታወቂያው ላይ የሚጠይቀውም የጉዳቱን ዓይነትና ስፋት እንድንጠቁም እንጂ የተጣራ ሒሳብ አይደለም።

ይሁንና የአባላችን መዘግየት መድን ሰጪውን ከራሱ ኃላፊነት ነጻ አያወጣውም። ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን አቋም ይዟል።

1. የ14 ቀኑ ዐረፍተ ነገር የሚለው ማስታወቂያ «ካልደረሰ» ነው፤ ደብዳቤ ካልደረሰ አይልም። ስልክን የማሳወቂያ መንገድ አድርጎ የጠቀሰው ራሱ ውሉ ነው። በመጀመሪያው ቀን የደረሰ ስልክ ጥያቄውን ከመጥፋት ሊጠብቀው ይገባል፤ የደብዳቤው መዘግየት መታየት ያለበት በመድን ሰጪው ላይ ባስከተለው ጉዳት ልክ ነው። ስልኩን የሚቀበል ሠራተኛም ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ ለደዋዩ የመዝገብ ቁጥር እንዲሰጥ እንጠይቃለን።

2. የሚያሰጋን ናዳ ማንሳት በውሉ የታዘዘ ግዴታ ነው። በፎቶግራፍ ተይዞና ተነግሮ እስከተፈጸመ ድረስ ማስረጃ እንደማጥፋት መቆጠሩን አንቀበልም። ውሉ የመድን ሰጪው ተወካይ በተገቢው ጊዜ ካልመጣ ተቋራጩ ጥገናውን እንዲቀጥል ይፈቅዳል። «ተገቢ ጊዜ» የሚለው አከራካሪ በመሆኑ በውሉ ላይ ሦስት የሥራ ቀን ተብሎ እንዲጻፍ እንጠይቃለን።

3. ከአፈር ሙሌት በታች ያለ የውኃ መከላከያ ንጣፍ ቢቀደድ ጉዳቱ ግድግዳው እርጥበት እስኪያሳይ ድረስ አይታወቅም። እንዲህ ላለው ስውር ጉዳት 14 ቀኑ ከተገኘበት ዕለት እንዲቆጠር በውሉ ተጨማሪ አንቀጽ ይግባ። አሁን ባለው ጽሑፍ ይህ መብት የለንም፤ አባላት ውል ሲፈርሙ ወይም ሲያድሱ ሊደራደሩበት ይገባል።

4. አባላት ጉዳት በደረሰበት ዕለት ዋጋ ሳይጠብቁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለራሱ ለመድን ሰጪው አስገብተው ቅጂውን በመዝገብ ቤት ማኅተም ያስመቱ። በመድን ደላላ በኩል የሚልኩም መድን ሰጪው ዘንድ የደረሰበትን ማስረጃ ይያዙ። በደብዳቤው ላይ የፖሊሲው ቁጥር፣ የሳይቱ አድራሻ፣ ጉዳቱ የደረሰበት ሰዓት፣ የተጎዳው ሥራና ለጊዜው የተወሰደው እርምጃ ይስፈሩ። የስልኩ ሰዓትና የተቀባዩ ስም በዕለቱ የሳይት መዝገብ ይጻፉ። ከዚህ መግለጫ በኋላ ለሚደርስ ጉዳት ይህን ያላደረገ አባል የሚያቀርበውን አቤቱታ ማኅበሩ ይዞ አይከራከርም።

ከላይ የተጠቀሰው የአባላችን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ስልክ መሠረት እንደገና እንዲታይ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ አመልክተናል።