ቀን ያልተጻፈበት አቤቱታ

በመካከላችን «በሥራ ቦታ የሚደርስበትን እየጻፈ የሚያስቀምጥ ሰው ነገረኛ ነው» የሚሉ አሉ። እኔም የአንዲት የቀድሞ ጓደኛችን ጉዳይ እስኪያጋጥመኝ ድረስ ከእነርሱ ወገን ነበርሁ።

ይህች ልጅ በ2017 ዓ.ም. በአንድ ሆቴል ዕቃ ግምጃ ቤት ትሠራ ነበር። ሥራዋ የሚያበቃው ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን አለቃዋ እየደጋገመ በቃል ብቻ «ቆዪ» እያለ ያስመሻታል፤ ክፍያውን ስትጠይቅ ግን «ማን አዘዘሽ?» ይላታል። እንግዲህ ደብተሯ ላይ ከጻፈችው አንዱ ይኸውላችሁ፦

«ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (በፈረንጅ ኖቬምበር 19 ቀን 2024)። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን አለቃዬ በግምጃ ቤቱ በር ላይ ‹ቆጠራው ሳያልቅ አትሄጂም› አለኝ። ዘበኛው አጠገባችን ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ወጣሁ።»

«በንቀት ተናገረኝ» አላለችም፤ ሰውዬው ያለውን ቃል ብቻ ጻፈች። ሁለቱን አቆጣጠር መጻፏም ያለ ምክንያት አይደለም። የሆቴሉ መዝገብ በፈረንጅ አቆጣጠር የተያዘ ነበርና «10/3» ብላ ጽፋ ቢሆን አንዱ ኅዳር፣ ሌላው ማርች ብሎ ያነበው ነበር። «5 ሰዓት» ብቻ ብትልም የጥዋቱ ነው ወይስ የማታው የሚል ክርክር ይነሣ ነበር። ሰዓቱ ደግሞ ገንዘብ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ሥራ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ይታሰባል። ስለዚህ የዚያ ምሽት ሦስቱ ሰዓት በአንዱ፣ የመጨረሻዋ ሰዓት በሌላው ተሰላች።

ደብተሩ ብቻውን ማስረጃ ሆኖ አልረታም፤ ማንም በራሱ ደብተር የፈለገውን ሊጽፍ ይችላልና። ጥቅሙ ወደ ሌላ ማስረጃ መምራቱ ነው። በዚያ ቀን የተሞላው የበር መዝገብ እንዲቀርብ ጠየቀች፤ የመውጫዋ ሰዓት አንድ ሆኖ ተገኘ። ገጾቹ በየቀኑ በተለያየ ብዕር ተጽፈው፣ ሥርዝ ድልዛቸውም እንዳለ ቀርበው ነበር። አንዳንድ ጓደኞቻችን ግን በሳምንቱ መጨረሻ አሳምረው ይገለብጡታል፤ ያ ንጹሕ ግልባጭ ለክርክሩ ሲባል በአንድ ቀን የተጻፈ መሰሎ ይታያል።

የሆነ ሆኖ አንድ ነገር አመለጣት። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ክፍያው ሊፈጸም ከሚገባው ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ደመወዟ በየወሩ በ30 ነበር የሚከፈላት፤ ክሷን ያቀረበችው ግንቦት 20 ቀን ነው። የኅዳሩ ክፍያ ጊዜው እስከ ግንቦት 30 ስለነበረ ተረፈላት። የጥቅምቱ ግን ሚያዝያ 30 አልፎበት ነበር፤ ያንንም በጥንቃቄ ጽፋው ነበር። ለምን እንደዘገየች ብጠይቃት «ነገረኛ እንዳልባል ፈርቼ ነው» አለችኝ።